«ሥራ እየፈለግኩ ነው» ብሎ መጻፍ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ከሥራ የተቀነሰ ሰው ሊንክድኢን ላይ «ሥራ እየፈለግኩ ነው» ብሎ ስለሚለጥፈው ጽሑፍ። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ግን ብዙ ሰው ሲጽፈው ሲያጠፋው የሚያድርበት ነው። እኔ በቅጥር ሥራ ላይ ስላለሁ እነዚህን ጽሑፎች የማነባቸው ለክፍት ቦታ ሰው ስፈልግ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ከዚያ በኩል ሆኖ የሚታየውን ነው።

ቃል ከመምረጣችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። ይህን ጽሑፍ ማን እንዲያነበው ነው የምንፈልገው?

ሰው ተቀንሶ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ሁለት አንባቢዎች ይታዩታል። አንዱ የቀነሰው ድርጅት ነው፤ አለቃው፣ የሰው ኃይል ክፍሉ፣ «ምን እንዳጡ ይወቁት» የሚላቸው ሁሉ። ሌላው የቅርብ ወዳጆቹ ናቸው፤ የሆነውን እንዲሰሙለት፣ አይዞህ እንዲሉት ይፈልጋል። ሁለቱም ስሜቶች የሰው ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ድርጅቱ ሥራ አይሰጠውም፤ እሱን አሰናብቶ ጨርሷል። የቅርብ ወዳጆቹ ደግሞ ከፖስቱ በፊት ሰምተዋል። የሚያውቋቸውን ቦታዎችም እሱ ራሱ ያውቃቸዋል።

ሥራ የሚመጣው ባብዛኛው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን «ያን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። «ብዙ ጊዜ» ያሉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። «አልፎ አልፎ» ያሉት ከግማሽ በላይ ሆኑ። «ከስንት አንዴ» ያሉት 28 በመቶ ገደማ። ጥናቱ በትንሽ ቡድን ላይ የተሠራ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ20 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተው ነበር። እዚያም ለሥራ ለውጥ ይበልጥ የጠቀመው መካከለኛ ርቀት ያለው ትውውቅ ሆኖ ተገኘ። በጣም የቅርቡ ትውውቅ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነበር የጠቀመው።

እንግዲህ አንባቢያችሁ ማን እንደሆነ ይታያችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት ላይ አብራችሁ የሠራች ሴት ናት። ስልጠና ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ነው። ለእናንተ መልካም አመለካከት አላቸው፤ አሁን ምን እንደምትሠሩ ግን በደንብ አያውቁም። ጽሑፋችሁን ስልካቸው ላይ ያዩታል፤ ምናልባት ሊፍት እየጠበቁ። ልትረዳችሁ ብትፈልግ ያቺ ሴት የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉን ለአለቃዋ ወይም ለጓደኛዋ ታስተላልፋለች። «አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ እንዲህ እንዲህ ይሠራል» ትላለች። የእኛ ሥራ ያን «እንዲህ እንዲህ» በአፏ ማስቀመጥ ነው።

ምሬትም ጉዳቱ እዚሁ ላይ ነው። ምሬት ያለበት ጽሑፍ ለማስተላለፍ ያስቸግራል። የሚያስተላልፈው ሰው የራሱን ስም አብሮ ይልካልና። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድርጅቱ ውስጥ የቀሩትን ባልደረቦቻችሁን አስቡ። ሥራችሁን በዓይናቸው ያዩት እነሱ ናቸው። «አብሬው ሠርቻለሁ፣ ጎበዝ ነው» ብሎ ኮሜንት መጻፍ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ፖስቱ ድርጅቱን የሚወጋ ከሆነ ግን ላይክ ማድረጉ እንኳ ያስፈራቸዋል። ነገ እዚያው ቢሮ ይገባሉ። ዋና ምስክሮቻችሁን በገዛ እጃችሁ አፋቸውን ትዘጉባቸዋላችሁ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ባለታሪኳን እኔ ነኝ የፈጠርኳት፤ አጻጻፏ ግን በየጊዜው የማየው ዓይነት ነው። የደሞዝ ሂሳብ ባለሙያ ናት። ድርጅቷ ሠራተኛ ሲቀንስ ክፍሏ ተዘጋ። በዚያው ቀን ማታ ይህን ጻፈች፦

«ለስድስት ዓመት ሙሉ ጉልበቴንና ጊዜዬን ከሰጠሁት ድርጅት ዛሬ በአሥር ደቂቃ የቪዲዮ ስብሰባ ተሰናብቻለሁ። ያልጠበቅኩት ቢሆንም ሁሉም ለበጎ ነው። በዚህ ጊዜ ከጎኔ የቆማችሁትን አመሰግናለሁ፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ለአዳዲስ ዕድሎች ክፍት ነኝ፤ ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።»

ስድብ የለበትም። ማንንም በስም አልጠራችም። እንዲያውም «ለበጎ ነው» ብላለች። ግን ደግማችሁ አንብቡት። «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ክስ ናት። «በአሥር ደቂቃ» ክስ ነው። «ራሳችሁን ታውቃላችሁ» ሲባል፣ ከጎኗ ያልቆሙትም ራሳቸውን እንዲያውቁ ነው። እንዲህ ዓይነት ምሬት በጨዋ ቃላት መሀል ሾልኮ ይገባል፤ ጸሐፊዋ ላታየው ትችላለች፣ አንባቢ ግን ወዲያው ይሰማዋል።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ምን እንደምትሠራ አልነገረችንም! ደሞዝ የሚል ቃል የለም። ሂሳብ የሚል ቃል የለም። «ማንኛውንም ሥራ» ማለቷ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንባቢው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። እኔ ስለ «ማንኛውም ሥራ» ማንን እጠይቃለሁ? የደሞዝ ክፍል ኃላፊ የሚፈልግ ድርጅት ባውቅ እንኳ እሷን የማስታውስበት መንገድ የለም።

ይህች ሴት ጥቂት ቀን ቆይታ ብትጽፈው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የደሞዝ ሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ አዲስ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ድርጅታችን ባደረገው የሠራተኛ ቅነሳ ክፍላችን በመዘጋቱ ሥራዬ ባለፈው ሳምንት አብቅቷል።

ባለፉት ስድስት ዓመታት የ400 ሠራተኞችን ወርሃዊ ደሞዝ፣ ከትርፍ ሰዓት ስሌት እስከ ገቢ ግብር ድረስ፣ ስሠራ ቆይቻለሁ። ስጀምር የወሩ ደሞዝ ተሠርቶ ለባንክ እስኪላክ ዘጠኝ ቀን ይፈጅ ነበር። የትርፍ ሰዓት ቅጹን ከወረቀት ወደ ሲስተም ካዛወርን በኋላ በአራት ቀን ማለቅ ጀመረ። ይህን የሠራነው ሦስት ሆነን ነው። ሁለቱ ባልደረቦቼም አሁን ሥራ እየፈለጉ ነው፤ ስለ እነሱም ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

የምፈልገው የደሞዝ ክፍል ኃላፊነት ወይም ከፍተኛ የደሞዝ ሂሳብ ባለሙያነት ነው። በአካልም ከርቀትም መሥራት እችላለሁ። ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንስቶ ዝግጁ ነኝ።

ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የምታውቁ ከሆነ፣ ከማን ጋር ብነጋገር እንደሚሻል በኢንቦክስ ጠቁሙኝ። በወር መዝጊያ ምሽቶች አብራችሁኝ ላመሻችሁ ባልደረቦቼ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ።»

ከላይ እንጀምር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሙያዋን ይዟል። ይህ የግድ ነው። ሊንክድኢን ከረዘም ያለ ጽሑፍ ላይ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ ያሳይና የቀረውን ይደብቀዋል፤ ለማንበብ መጫን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አይጫንም። ስለዚህ ያ መስመር በምስጋና ወይም «ይህን መጻፍ ከባድ ነው» በሚል መግቢያ ካለቀ ሙያው ተደብቆ ይቀራል። አላፊው አንባቢ ምንም ሳይይዝ ይሄዳል።

ቅነሳው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልቋል። ምን እንደተፈጠረ፣ ምን ያህል ስፋት እንዳለው፣ መቼ እንደሆነ፤ ሦስቱም አሉበት። «በሚያሳዝን ሁኔታ» የለም፣ «በድንገት» የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «በሥራ ድክመት አይደለም» ብሎ መጨመር ያምረዋል። እኔ አይጨመር ባይ ነኝ። ማንም ያልጠየቀውን ጥርጣሬ እናንተው ታነሱታላችሁ። «ክፍላችን በመዘጋቱ» የሚለው ሐረግ ያንኑ ነገር ያለ መከላከያ ተናግሮታል። መዋሸት ግን አይገባም። ክፍሉ ሳይዘጋ የእናንተ ቦታ ብቻ ከታጠፈ «የሥራ መደቤ በመታጠፉ» ማለት በቂ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠይቋችኋልና ሁለቱ ቦታ የምትሉት አንድ መሆን አለበት። ቅነሳን መደበቅም አያስፈልግም፤ በቅጥር ሥራ ላይ ያለ ሰው ቅነሳ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን ወደ አራት ቀን የሚለው ይመጣል። ለእኔ የጽሑፉ እምብርት ይህ ነው። ያቺ አንድ ፕሮጀክት ላይ የምታውቃት ሴት ለአለቃዋ ምን ብላ ልታወራ ነው? «ታታሪ ናት» ብትል ማንም አይሰማትም። «የወር ደሞዝ መዝጊያውን ከዘጠኝ ቀን ወደ አራት ያወረዱት እነሷ ናቸው» ብትል ግን አለቃዋ ቀና ይላል። የእሱም ደሞዝ ክፍል በየወሩ እየዘገየ ሊሆን ይችላላ።

እንዲህ ያለ ቁጥር ስትጽፉ ሦስት ነገር አጣሩ። እንዴት እንደተለካ ብትጠየቁ መመለስ ትችላላችሁ? የቀድሞ አለቃችሁ ቢጠየቅ «አዎ» ይላል? ደግሞስ የድርጅቱን ምስጢር አያወጣም? የደንበኛ ስም፣ የገቢ መጠን፣ ለሕዝብ ያልተነገረ የተቀናሽ ብዛት ከዚህ ጽሑፍ ይውጣ። ቁጥር የሌለው ሥራም ብዙ ነው። ያኔ ከእናንተ በፊት እንዴት እንደነበረና በኋላ እንዴት እንደሆነ በቃል መግለጽ ይበቃል። «አዲስ ገቢዎች የሚማሩበት መመሪያ አልነበረም፤ ጻፍኩት፤ እስካሁን በእሱ ይማራሉ።» ይኸው ነው።

ስለ ሁለቱ ባልደረቦቿ የጻፈችውንም ልብ በሉልኝ። «ሦስት ሆነን» ማለቷ ድርሻዋን አላሳነሰባትም። የሌላውን ድርሻ የምታከብር ሰው እንደሆነች አሳየ። አብረዋት የተቀነሱትን ማስታወሷ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ስለ ጨዋነት ከሚጻፍ አንቀጽ ሁሉ ይበልጣል። እርግጥ አስቀድማ ጠይቃቸዋለች። ሥራ መፈለጉን ገና ለማንም ያልተናገረ ባልደረባ ሊኖር ይችላል፤ ያለ ፈቃዱ አይጻፍም።

ጥያቄዋም ትንሽ ናት። «ሥራ ፈልጉልኝ» አላለችም፤ «ከማን ጋር ብነጋገር ይሻላል» አለች። ለዚህ መልስ የሚሆን ስም ማንም ሰው አያጣም።

ከመለጠፉ በፊት ግን ወረቀቶች አሉ። ብዙ ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ የስንብት ክፍያ ከስምምነት ጋር ያቀርባል። በስምምነቱ ውስጥ ስለ ድርጅቱ መጥፎ ላለመናገር ወይም የስምምነቱን ይዘት ላለመግለጽ ግዴታ የሚያስገባ አንቀጽ ሊኖር ይችላል። እሱ ሳይነበብ ምንም አይለጠፍ። ያልገባችሁ ካለ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ፊርማውም በጥድፊያ የሚሆን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ያለ ምሬት ይጻፍ ስል በደልን ዋጡት ማለቴ አይደለም። ያልተከፈለ ደሞዝ ካለ፣ አድልዎ ተፈጽሞ ከሆነ፣ ሕግ ተጥሶ ከሆነ መሄጃው አለ፤ ጠበቃ አለ፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አለ። እዚያ በማስረጃ ይኬዳል። የሥራ ፍለጋው ጽሑፍ ግን ሌላ ሥራ ነው ያለው። ሁለቱን ስትቀላቅሉ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ክሱ ማስረጃ አይሆን፣ ፖስቱም ሥራ አያመጣ። ንዴቱን ደግሞ ለሚወዷችሁ ሰዎች ተናገሩት። መጻፍ የሚያቀልላችሁ ከሆነም ጻፉት፤ ግን መተግበሪያው ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ላይ።

ሊንክድኢን ላይ Open to work የሚል ቅንብር አለ። ሁለት አማራጭ ይሰጣል። አንዱ ለቀጣሪ ባለሙያዎች ብቻ ያሳያል፤ ሌላው ለሁሉም ሰው ያሳይና ፎቷችሁ ላይ አረንጓዴ ክብ ያደርግበታል። ገና በማስጠንቀቂያ ጊዜ ላይ ያላችሁና ለማንም ያልተናገራችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል። ያም ቢሆን ፍጹም ምስጢር አይሆንም፤ ሊንክድኢን ራሱ ዋስትና አይሰጥም። በይፋ ከጻፋችሁ በኋላ ግን የምትደብቁት ነገር ስለሌለ አረንጓዴውን አልቃወምም። እዚያ የምታስገቡት የሥራ መደብ ስም ፖስቱ ላይ ከጻፋችሁት ጋር አንድ ይሁን። አንዱ «የደሞዝ ክፍል ኃላፊ»፣ ሌላው «የሽያጭ ባለሙያ» ካለ አንባቢው የቱን ይመን?

ከተለጠፈ በኋላ ኮሜንቶቹን አንብቡ፤ ጽሑፉ ምን ያህል እንደሠራ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። የላይክ ብዛት አያታልላችሁ። «አይዞሽ»፣ «በርቺ»፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ከሞላው፣ አንባቢው ሐዘናችሁን ሰምቷል፣ ሥራችሁን ግን አላወቀም። «ምን ዓይነት ሥራ ነው የምትፈልጊው?» የሚል ከበዛ የምትፈልጉትን የሚናገረው አንቀጽ ጎድሏል ማለት ነው። የሰው ወይም የድርጅት ስም ከተጠቀሰላችሁ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ታግ ካደረገ፣ ጽሑፉ እየሠራ ነው። ጽሑፍ ሊስተካከል ይችላል፤ አንድ መስመር ጨምሩበት።

አንድ ወጥመድ አለ። አዛኝ መስሎ «ያ ድርጅት ድሮም ሰው አያውቅም» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ደግ አስቦ ነው። ግን ላይክ ካደረጋችሁት ፈረማችሁበት ማለት ነው። «አመሰግናለሁ፤ አሁን ሐሳቤ ቀጣዩ ሥራ ላይ ነው» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሄደ ስድብ ከሆነ ኮሜንቱን ማጥፋት መብታችሁ ነው።

ፖስቱ ብቻውን ሩቅ አይሄድም፤ ብዙ ወዳጆቻችሁ ጭራሽ ላያዩት ይችላሉ። ለተመረጡ ሰዎች በግል መጻፍ ያስፈልጋል። ባለታሪካችን ለቀድሞ አለቃዋ እንዲህ ትጽፋለች፦

«ጤና ይስጥልኝ። የትርፍ ሰዓት ቅጹን ወደ ሲስተም ባዛወርንበት ጊዜ በእርስዎ ሥር እሠራ ነበር። በቅርቡ ክፍላችን በሠራተኛ ቅነሳ ተዘግቷል፤ አሁን የደሞዝ ክፍል ኃላፊነት ቦታ እየፈለግኩ ነው። እርስዎ አሁን ባሉበት ድርጅት የሂሳብ ክፍሉን ማን እንደሚመራ ቢጠቁሙኝ ትልቅ ውለታ ነው። ጊዜ ባይመችዎትም እረዳለሁ።»

ሰውየው ይህን በአንድ መስመር መመለስ ይችላል። «ሥራ ይፈልጉልኝ» ብትለው ኖሮ ወይ ቃል መግባት ወይ እንቢ ማለት ነበረበት። ሰው ይሉኝታ ይዞት እንቢ ማለት ሲከብደው ዝም ይላል። ብዙ ያልተመለሱ መልእክቶች ከጥላቻ የመጡ አይደሉም፤ ጥያቄው ከብዶ ነው።

«ሲቪሽን ላኪልኝ፣ አስተላልፍልሻለሁ» የሚል ሲገኝ ሲቪውን ብቻ አትላኩ። ቀድቶ የሚለጥፈው ሁለት መስመር ጨምሩለት፣ ስለ ራሳችሁ በሦስተኛ ሰው የተጻፈ፦ «የ400 ሠራተኛ ደሞዝ የሠራች ባለሙያ ናት፤ የወር መዝጊያውን ከዘጠኝ ቀን ወደ አራት ካወረዱት አንዷ ናት፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መግባት ትችላለች።» ይህን ካላደረጋችሁ ሰውየው ራሱ ሊጽፍ ያስባል፣ ነገ እጽፋለሁ ይላል፣ ይረሳል።

ሳምንታት አልፈው ምንም ካልመጣ ሁለተኛ መጻፍ ነውር የለውም። ግን «አሁንም እየፈለግኩ ነው» ብቻ አይሁን። ከሥራችሁ አንድ ነገር አሳዩበት። ደሞዝ የሚሠራ ሰው የትርፍ ሰዓት ስሌት ብዙ ጊዜ የት ላይ እንደሚሳሳትና ስህተቱ እንዴት እንደሚያዝ በጥቂት አንቀጽ ይጻፍ፤ መጨረሻው ላይ ሥራ እየፈለገ መሆኑን በአንድ መስመር ይንገር። እኔ በበኩሌ ሰው የምጠራው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁለተኛው ጽሑፍ ነው፤ ሙያውን እዚያ አየዋለሁና።

ሥራው ሲገኝም ቅደም ተከተል አለው። ውሉ ሳይፈረም በይፋ አይነገርም፤ የቃል ቅጥር ሲሰረዝ አይቻለሁ። ከተፈረመ በኋላ መጀመሪያ ስም የጠቆሙትን፣ ሲቪ ያስተላለፉትን፣ በግል መልስ የሰጡትን አንድ በአንድ በኢንቦክስ አመስግኑ፤ የጠቆሙት ቦታ ሳይሳካ የቀረውንም ጭምር። ከዚያ Open to work የሚለውን አጥፉ። የድሮው ፖስት ላይም ሥራ ማግኘታችሁን የሚገልጽ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ሰው ከወራት በኋላም እያገኘው ለእናንተ ሲል ሌላውን ያስቸግራልና።